ስለ እኛ፦ የውሃ ፓምፕና ሞተር ጥገና

የውሃ ፓምፕ እንጠግናለን። ፓምፑን የሚያሽከረክረውን የኤሌክትሪክ ሞተርም እንጠግናለን፤ ከተቃጠለ የድሮውን ሽቦ አውጥተን እንደ አዲስ እንጠቀልላለን። ሥራችን ይኸው ነው። አዲስ ፓምፕ አንሸጥም፣ ጉድጓድ አንቆፍርም፣ ቧንቧ አንዘረጋም።

አብዛኞቹ ደንበኞቻችን ፓምፑ ሲቆም ሥራቸውም አብሮ የሚቆምባቸው ናቸው፦ የፎቅ ሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች፣ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ትናንሽ ፋብሪካዎች። የመኖሪያ ቤት ፓምፕም እንቀበላለን። ትንሽ ነው ተብሎ ወረፋው አይታለፍም።

8 ሰዎች ነን። 5ቱ ፓምፕ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። 2ቱ ሥራቸው የሞተር ጥቅለላ ብቻ ነው። አንዷ ባልደረባችን ስልክ ታነሳለች፣ መዝገብም ትይዛለች። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ «ምን ዓይነት ድምፅ አለው?» ብላ ነው። አትገረሙ። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ካለው ብዙ ጊዜ ችግሩ በመሳቢያው በኩል ነው፤ ማጣሪያው ተዘግቷል ወይም ውሃው ወርዷል። እያጉረመረመ አልዞር ካለ ደግሞ «አሁኑኑ አጥፉት» ትላችኋለች። እንደዚያ የቆመ ሞተር ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። አንዳንዱ ብልሽት እዚያው ስልክ ላይ ያልቃል፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ፓምፑ እጃችን ሲገባ ወዲያው አንፈታውም። መጀመሪያ የሞተሩን ኢንሱሌሽን፣ ማለትም የሽቦውን መከላከያ ሽፋን፣ ሜገር በሚባል መለኪያ እንለካለን፣ ሻፍቱን በእጅ አዙረን የኩሽኔታውን ሁኔታ እናያለን። ከዚያ ይፈታል። ከፈታን በኋላ ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ይደርሷችኋል፦ ምን ተበላሸ፣ ለምን ተበላሸ፣ ምን ይቀየራል። እናንተ እሺ ሳትሉ አንድ ቡሎን አንቀይርም። የተቀየረው ዕቃ ከፓምፑ ጋር ይመለስላችኋል።

ብዙ ጊዜ የምንወስደው «ለምን» የሚለው ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር ተቃጥሎ መጣ እንበል። ስንከፍተው የሁለቱ ፌዝ ጥቅል ከስሏል፣ የሦስተኛው ግን እንደነበረ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው አንድ ፌዝ ጠፍቶበት በሁለቱ ሲሠራ እንደቆየ ነው። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም ማለት ነው። ፊውዝ ሄዶ፣ የኮንታክተር ጥርስ ተበልቶ ወይም የላላ ሽቦ ኖሮ ይሆናል። ጠቅልለን ብቻ ብንመልሰው ያው ችግር መልሶ ያቃጥለዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር ስንመልስ ቴክኒሻናችን አብሮ ሄዶ የኤሌክትሪክ ቦርዱን ይፈትሻል። ቦርዱ እንዲነካ የማይፈልግ ደንበኛ ያጋጥመናል። መብቱ ነው፤ ጥቅለላውን ሠርተን እንሰጠዋለን፣ ዋስትና ግን አንሰጥም።

ለሌላው ጥገና ሁሉ የ6 ወር ዋስትና እንሰጣለን። ያለ ውሃ ሠርቶ በሻፍቱ በኩል ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው «ሲል» የተቃጠለበት ፓምፕ ግን በዋስትናው አይሸፈንም። ይህን ስንረከብም ስናስረክብም ስለምንናገር በኋላ አንጨቃጨቅም።

አንዳንዴ «አይጠገንም» እንላለን። አካሉ የተሰነጠቀ፣ ሻፍቱ ክፉኛ የጎበጠ ወይም የጥገናው ወጪ ወደ አዲሱ ዋጋ የተጠጋ ከሆነ ገንዘባችሁን ባታወጡበት ይሻላል። አዲስ ስለማንሸጥ ይህን ስንል የምናተርፈው ነገር የለም። ከ75 ኪሎዋት በላይ የሆነ ሞተርም አንቀበልም። ለዚያ የሚሆን ማንሻና መፈተሻ የለንም።

ተልእኳችን

የቆመን ፓምፕ ማስነሳት፣ ያቆመውንም ምክንያት አግኝቶ ማስተካከል፤ ያው ፓምፕ በዚያው ብልሽት ዳግመኛ እንዳይመጣ።

«በዘርፉ ግንባር ቀደም» የሚል ነገር እዚህ አልጻፍንም። ማን ከፊት እንዳለ የሚለካልን የለም፤ ፓምፕ ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ግን ከመዝገባችን ማየት እንችላለን። የምንረከበው እያንዳንዱ ፓምፕ በመለያ ቁጥሩ ይመዘገባል። አስተካክለናል ያልነው ብልሽት በዓመት ውስጥ ከተመለሰ ያ ፓምፕ ከወረፋው ቀድሞ ይፈታል፣ የእጅ ዋጋም አንጠይቅም። በየወሩ መጨረሻ የተመለሱትን አንድ ላይ አይተን መንስኤያቸውን እንነጋገራለን። ኩሽኔታው ነው? የእኛ አገጣጠም ነው? ወይስ ያላየነው ነገር ነበር?

ፓምፕ ስታመጡ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሳህን አትፋቁ፣ ቀለምም አትቀቧት፤ ቮልቴጁም አምፔሩም የዙሩም ብዛት እሷ ላይ ነው። ከተቻለ የቦርዱን ውስጥ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ኑ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ዋናውን ማብሪያ አጥፉ።