ልጄ ያጠናል፣ ውጤቱ ግን የታለ?

ማታ አምስት ሰዓት ሆኗል። የልጃችሁ ክፍል መብራት አልጠፋም። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር በማርከር ቢጫ ሆኗል። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ «አጠናህ?» ትሉታላችሁ። «አዎ» ይላል። አልዋሸም። ፈተና ላይ ሲቀመጥ ግን ያ ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል።

ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ገጹን ስለለመድነው ትምህርቱን ያወቅነው ይመስለናል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ይህንኑ አይተዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ሲጽፉ የነበሩት በለጡ። ፈተና ደግሞ ካነበቡ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

የ8 ሳምንት የፈተና ዝግጅት ኮርሳችን የተሠራው በዚሁ ነው። መጀመሪያ መለኪያ ፈተና አለ። ውጤቱ አይለጠፍም፤ ተማሪውና መምህሩ ብቻ ያዩታል። በአንድ ክፍል ከ12 ተማሪ በላይ አንቀበልም፤ ከዚያ ካለፈ ማን እንዳልገባው አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዓት ተይዞ ሙሉ የልምምድ ፈተና ይሰጣል። ስልክ ውጭ ይቀራል።

የምንኮራበት ግን የስህተት ደብተራችን ነው። ተማሪው የሳተውን ጥያቄ ለምን እንደሳተ በራሱ ቃል ይጽፋል። ባለፈው ዙር አንዷ እንዲህ ጽፋ ነበር፦ «ጥያቄ 14። መልሱን አውቀዋለሁ። "ያልሆነው የቱ ነው" የሚለውን ሳላይ አለፍኩ።» ገጹን ስንገልጥ ይኸው ስህተት ሦስት ጊዜ ተደግሟል። ያቺ ልጅ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ መጽሐፍ አልነበረም። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነበር።

ተማሪዎች፦ ሒሳብ ያስፈራኛል የምትሉ፣ ሰዓት አልበቃኝም የምትሉ፣ «ከየት ልጀምር?» እያላችሁ ሳትጀምሩ የመሸባችሁ፣ ኑ። እዚህ አላውቅም ማለት አያሳፍርም።

ወላጆች፦ «መቶ በመቶ ያልፋል» ብለን ቃል አንገባም። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ጠርጥሩ። በ4ኛው ሳምንት ግን ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ስለ ልጃችሁ የምትነጋገሩበት 30 ደቂቃ አላችሁ። እስከዚያው «ስንት አመጣህ?» የሚለውን ለጊዜው ተዉትና «ዛሬ የቱ ጥያቄ አስቸገረህ?» በሉት። በፈተናው ዋዜማ ደግሞ በጊዜ ይተኛ። የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜም ጭምር ነው።

ትምህርት ሰኞ ይጀምራል። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጣ፣ ሰኞና ረቡዕ የሚመጣ፣ ሁለት ምድብ አለን። ቅዳሜ ለሁሉም ነው። የመለኪያ ፈተናው በነጻ ነው፤ ከውጤቱ በኋላ መመዝገብም መተውም ትችላላችሁ። ምዝገባ ዓርብ ማታ ይዘጋል። የልጃችሁን የክፍል ደረጃና የሚከብደውን ትምህርት ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፤ በዚያው ቀን እንመልሳለን።