የሦስት ምንጮች ማጎልበት ፕሮጀክት፦ የተሻሻለ የበጀት ማብራሪያ

ባሶና ወራና ወረዳ፣ ሰሜን ሸዋ ዞን
የትግበራ ጊዜ፦ ከጥቅምት 2019 እስከ መስከረም 2020 ዓ.ም.
ከድጋፍ ሰጪው የሚጠየቀው፦ 2,493,350 ብር

ይህ ማብራሪያ ቀደም ሲል ያቀረብነውን የ2,740,000 ብር ማብራሪያ ይተካል። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ትክክል ነበር፤ «ስልጠና 400,000 ብር» ብሎ መጻፍ ስንት ሰው ለስንት ቀን እንደሚሰለጥን አይናገርም። አሁን ከሠራተኞች፣ ከአስተዳደርና ከመጠባበቂያ በቀር እያንዳንዱ ወጪ በሥራ ዕቅዱ ካሉት ስድስት ተግባራት በአንዱ ሥር ገብቷል፤ ብዛቱ ከየት እንደመጣም አብሮ ተጽፏል። ከየትኛውም ተግባር ጋር ያልተገናኙት ሁለት ላፕቶፖች (160,000 ብር) እና የቢሮ ዕቃ (95,000 ብር) ወጥተዋል፤ ስልጠናው በ272,500 ብር ቀንሷል። በአንጻሩ በዕቅዱ ተጽፈው በጀት ያልተያዘላቸው ሥራዎች ነበሩ፤ የአህያ ጭነት፣ የውኃ ጥራት ምርመራና የመጠባበቂያ ሂሳብ በድምሩ 209,190 ብር ሆነው ገብተዋል። የሲሚንቶ፣ የፌሮና የቱቦ ዋጋ በአዲስ ፕሮፎርማ ጨምሯል፤ ከዚህ በታች በየቦታቸው ከተጻፉት ሌሎች ቅናሾች ጋር ሲጣራ ጭማሪው 71,660 ብር ነው። የተጣራው ቅናሽ 246,650 ብር ነው።

የዕቃ ዋጋዎቹ በሰኔ 2018 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ሦስት አቅራቢዎች ከተሰበሰቡ ፕሮፎርማዎች መካከለኛው ናቸው። ዝቅተኛውን ያልወሰድነው ያቀረበው ድርጅት ዋጋውን ለ15 ቀን ብቻ ስለሚያጸና ነው። ሁሉም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምራሉ።

ተግባር 1፦ የቦታ ጥናትና የመነሻ ምርመራ (69,300 ብር)

የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ሁለት ባለሙያዎች በሁለት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀን (ለአንድ ምንጭ አንድ ቀን) የምንጮቹን የውኃ መጠን ይለካሉ፤ ቦታውንም ይቀይሳሉ። ውሎ አበል 2 ሰው × 6 ቀን × 900 ብር = 10,800 ብር። የመኪና ኪራይ ለእነዚሁ 6 ቀናት በ6,500 ብር 39,000 ብር ነው። ከግንባታ በፊት ከየምንጩ አንድ ናሙና በኬሚካልና በባክቴሪያ ይመረመራል፤ 3 × 6,500 = 19,500 ብር። ይህ ምርመራ በመጀመሪያው በጀት አልነበረም። ፍሎራይዱ ወይም ናይትሬቱ ከደረጃው በላይ የሆነ ምንጭ ቢገኝ ግንብ ከተሠራበት በኋላ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቅ ስለሚሻል ውጤቱ ሳይመጣ የተግባር 2 ግዥ አይጀመርም።

ተግባር 2፦ የምንጭ፣ የማጠራቀሚያና የቦኖ ግንባታ (894,920 ብር)

የሚሠሩት ሦስት የምንጭ ማጎልበቻ ሳጥኖች፣ በምንጭ 3 አንድ ባለ 10 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያ፣ አራት አራት መቅጃ ያላቸው አምስት ቦኖዎች እና ሁለት የከብት ገንዳዎች ናቸው። የማጠራቀሚያው መጠን በግምት የተቀመጠ አይደለም። ምንጭ 3 በግንቦት 2018 ዓ.ም.፣ ውኃ በሚያንስበት ወቅት፣ ሲለካ በሰከንድ 0.35 ሊትር ሰጥቷል። ሰው በማይቀዳበት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባሉት ስምንት ሰዓታት የሚጠራቀመው 10,080 ሊትር ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማጠራቀሚያ ጠዋት ሳይሞላ ይገኛል፤ የሚያንስ ከሆነ ደግሞ ውኃው ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል።

የሲሚንቶ ስሌት እንዲህ ነው። 12 ሜትር ኩብ አርማታ በሜትር ኩብ 3.5 ኩንታል 42 ኩንታል፤ 40 ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ በሜትር ኩብ 1.3 ኩንታል 52 ኩንታል፤ ለልስን 9 ኩንታል። ድምሩ 103 ሲሆን ለብክነት 5 በመቶ ተጨምሮ 108 ኩንታል ይሆናል፤ በ1,800 ብር 194,400 ብር። ፌሮ ለአርማታው በሜትር ኩብ 80 ኪሎ፣ በጠቅላላው 960 ኪሎ × 150 ብር = 144,000 ብር። አሸዋ 25 ሜትር ኩብ × 2,400 = 60,000 ብር፤ ጠጠር 10 ሜትር ኩብ × 1,800 = 18,000 ብር፤ ሁለቱም መኪና እስከሚደርስበት ድረስ የማድረሻ ዋጋን ይጨምራሉ። ለአርማታ ቅርጽ ማውጫ 12 ኮምፔንሳቶ (30,000 ብር) እና የባሕር ዛፍ አጠና (15,000 ብር) ተይዟል። ምንጮቹ በየተራ ስለሚሠሩ አንዱ ኮምፔንሳቶ ሦስቱንም ቦታ ያገለግላል፤ ቀድሞ የነበረው 36 ለዚህ ነው ወደ 12 የወረደው።

ከደብረ ብርሃን የመኪና ጭነት 4 ምልልስ × 14,000 = 56,000 ብር። ሁለቱ ለሲሚንቶና ለፌሮ፣ አንዱ ለቱቦ፣ አንዱ ለእንጨትና ለመገጣጠሚያ ነው። ሲሚንቶውን በሁለት ዙር የምናመጣው የቀበሌው መጋዘን ወለሉ አፈር በመሆኑ ነው፤ ከወር በላይ እዚያ የቆየ ከረጢት እርጥበት ስቦ ከታች ይጠጥራል፤ የጠጠረ ሲሚንቶ ደግሞ ለአርማታ አይሆንም።

መኪና ወደ ምንጭ 3 አይገባም። የመጨረሻው 2.5 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ሲሆን ዕቃው የሚደርሰው በአህያ ነው። አንድ አህያ በአንድ ጉዞ የምትጭነው 50 ኪሎ፣ ማለትም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ለዚህ ቦታ 86 ከረጢት ሲሚንቶ 86 ጉዞ፣ 10 ሜትር ኩብ አሸዋ (15,000 ኪሎ) 300 ጉዞ፣ 4 ሜትር ኩብ ጠጠር (6,000 ኪሎ) 120 ጉዞ ይጠይቃል። 506 ጉዞ × 120 ብር = 60,720 ብር። ይህ መስመር ባይኖር ግንበኞቹ አሸዋ ሲጠብቁ የሚውሉበትን የቀን ክፍያ ፕሮጀክቱ ይሸከም ነበር፤ ስለዚህ እንዳይቀነስ አጥብቀን እንጠይቃለን።

የሥራ ዋጋ ለአንድ ቦታ 24 ቀን፣ በጠቅላላው 72 ቀን ነው። ሁለት ግንበኞች በቀን 1,200 ብር 172,800 ብር፤ አራት የቀን ሠራተኞች በቀን 500 ብር 144,000 ብር። ሥራው ከጥር እስከ ግንቦት መጠናቀቅ አለበት። ክረምት ከገባ የምንጩ ዐይን ጎርፍ ስለሚቀላቅል መሠረቱን ማድረቅ አይቻልም።

ድንጋዩን (50 ሜትር ኩብ፣ ግምቱ 45,000 ብር) ኅብረተሰቡ ያቀርባል፤ ከድጋፍ ሰጪው አይጠየቅም።

ተግባር 3፦ የቱቦ መስመር ዝርጋታ (547,400 ብር)

ከምንጭ 3 እስከ መጨረሻው ቦኖ በሜትር የተለካው ርቀት 1,320 ሜትር ነው። ለመሬቱ አቀማመጥና ለመቁረጫ 6 በመቶ ሲጨመር 1,400 ሜትር፣ ማለትም ባለ 100 ሜትር 14 ጥቅል ይሆናል። 63 ሚሊ ሜትር ኤችዲፒኢ ቱቦ × 260 ብር = 364,000 ብር። ቀድሞ «መገጣጠሚያ፣ የቱቦው 40 በመቶ» የሚለው አሁን ተዘርዝሯል፦ 6 ጌት ቫልቭ × 4,500 = 27,000 ብር፤ 20 የቦኖ ቧንቧ (5 ቦኖ × 4 መቅጃ) × 1,200 = 24,000 ብር፤ 30 መገጣጠሚያ × 600 = 18,000 ብር፤ ለቦኖዎቹ መነሻ 15 ባለ 6 ሜትር የብረት ቱቦ × 5,200 = 78,000 ብር። የቧንቧ ሠራተኛ 26 ቀን × 1,400 = 36,400 ብር።

የመስመሩ ቁፋሮ የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው፦ 1,320 × 0.5 × 0.8 ሜትር = 528 ሜትር ኩብ። መሬቱ ድንጋይ የተቀላቀለበት ስለሆነ ለአንድ ሰው በቀን 1.5 ሜትር ኩብ አስልተናል፤ 352 የሰው ቀን × 300 ብር = 105,600 ብር። ጥልቀቱ ከ0.8 ሜትር እንዲያንስ አንፈቅድም፤ መስመሩ የሚያልፈው በእርሻ ማሳ ውስጥ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ካልተቀበረ ማረሻ ያገኘዋል።

ተግባር 4፦ የውኃ ኮሚቴ ስልጠናና መሣሪያ (127,500 ብር)

ሦስት ኮሚቴዎች እያንዳንዳቸው ሰባት አባላት አላቸው፤ 21 ሰው። የመነሻ ስልጠና 4 ቀን፣ ከሦስት ወር በኋላ የማጠናከሪያ ስልጠና 2 ቀን፤ ለምግብና ለመጓጓዣ በሰው በቀን 350 ብር፣ 29,400 እና 14,700 ብር። ሁለት አሰልጣኞች × 6 ቀን × 900 = 10,800 ብር። ስድስት የመስመር ጠባቂዎች በሥራ ቦታው ላይ ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ለ5 ቀን ይሰለጥናሉ፤ 6 × 5 × 450 = 13,500 ብር። ለየኮሚቴው አንድ የመሣሪያ ሣጥን (የቱቦ መፍቻ፣ መጋዝ፣ የቱቦ ጥርስ ማውጫ፣ ቴፍሎን፣ አራት መለዋወጫ ቧንቧ) 3 × 18,500 = 55,500 ብር፤ የሂሳብ መዝገብና ደረሰኝ 3 × 1,200 = 3,600 ብር።

የቀድሞው 400,000 ብር በከተማ ሆቴል ለሚደረግ ስልጠና የተያዘ ነበር። አሁን ስልጠናው በቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ያለ ኪራይ ይሰጣል፤ አባላቱም ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ለሴት አባላት ዋናው ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሌሊት ከቤት ውጭ የሚያሳድር ስልጠና ላይ ከስማቸው በቀር አይገኙም።

ተግባር 5፦ ማከምና የጥራት ማረጋገጫ (86,500 ብር)

ከርክክብ በፊት መስመሩ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይታከማል። ማጠራቀሚያው፣ ሳጥኖቹና ቱቦው በአንድ ላይ 22 ሜትር ኩብ ገደማ ስለሚይዙ 65 በመቶ ጥንካሬ ያለው ክሎሪን በአንድ ዙር 1.7 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ለሁለት ዙርና ለብክነት 5 ኪሎ × 900 = 4,500 ብር። ከ5 ቦኖና ከ3 ምንጭ 8 ናሙና በሁለት ዙር × 3,000 = 48,000 ብር። የባክቴሪያ ናሙና ቀዝቅዞ በተወሰደበት ቀን ቤተ ሙከራ ካልገባ ውጤቱ አይታመንም፤ ስለዚህ 2 የበረዶ ሣጥን (8,000 ብር) እና 4 ቀን መኪና (26,000 ብር) ተይዟል።

ተግባር 6፦ ክትትል (40,600 ብር)

ከደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ 74 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሞተር ብስክሌቱ በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በግንባታው አምስት ወራት በወር 12 ጉዞ (30 ሊትር)፣ በቀሪዎቹ ሰባት ወራት 4 ጉዞ (10 ሊትር)፤ 220 ሊትር × 130 ብር = 28,600 ብር። የርክክብ ስብሰባ 12,000 ብር።

የፕሮጀክት ሠራተኞች (488,400 ብር)

የሳይት መሐንዲስ 8 ወር × 28,000 ብር፤ ለተግባር 1 አንድ ወር፣ ለተግባር 2 እና 3 አምስት ወር፣ ለተግባር 4 እና 5 አንድ አንድ ወር። ቀድሞ 12 ወር የነበረው ከግንባታ ውጭ ባሉት ወራት ሥራ ስለሌለው ተቀንሷል። የኅብረተሰብ አደራጅ 12 ወር × 18,000 ብር፤ የኮሚቴ ምርጫ፣ የቁፋሮ ቅስቀሳና የተግባር 6 ክትትል በእሱ ላይ ነው። በሁለቱም ላይ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ ተጨምሯል።

አስተዳደራዊ ወጪ (196,260 ብር)

የሂሳብ ሠራተኛ 25 በመቶ ጊዜ ከጡረታ መዋጮ ጋር 73,260 ብር፣ የቢሮ ኪራይ 25 በመቶ ድርሻ 42,000 ብር፣ ስልክና ኢንተርኔት 18,000 ብር፣ የውጭ ኦዲት 60,000 ብር፣ የባንክ አገልግሎት 3,000 ብር። ድርሻው ከጠቅላላው 8 በመቶ ገደማ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተቀመጠው የ20 በመቶ ጣሪያ በታች ነው።

መጠባበቂያ (42,470 ብር)

በጠቅላላው በጀት ላይ አልተሰላም፤ ዋጋቸው በሚዋዥቀው በሲሚንቶ፣ በፌሮ፣ በቱቦና በመገጣጠሚያ (849,400 ብር) ላይ ብቻ 5 በመቶ ነው። ከሰኔው ፕሮፎርማ በላይ የተከፈለበት ደረሰኝ ሳይቀርብ አይነካም፤ ካልተነካም ከመጨረሻው የሂሳብ ሪፖርት ጋር ለድጋፍ ሰጪው ይመለሳል።