ከወፍጮ ቤቱ አልፎ

የባጃጅ ነጂው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ አፈርኩ።

«ጋሼ፣ የሰፈሩን ስም ብቻ ንገረኝ፣ ቤቱን እኔ አወጣዋለሁ።»

የሰፈሩን ስም ባውቅማ ምን አስጨነቀኝ! እኔ የያዝኩት ወፍጮ ቤት፣ ትልቅ ድልድይ፣ ከድልድዩ በኋላ ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ፣ ከዚያ የእኛ በር። በሩ ፊቱን ወደ ጦሳ ነው። ይኸው ነው።

ከደሴ የወጣሁት በ1982 ነው፣ በዘጠኝ ዓመቴ። አባቴ በሞተ በዓመቱ አጎታችን መጥቶ መጀመሪያ ናይሮቢ ወሰደን፣ ከዚያ ቶሮንቶ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ቤቱን «እላይ ቤት» ነበር የምትለው። ምኑ እላይ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ደሴ ላይ እንደሆነ ሁሉም ቤት ወይ እላይ ነው ወይ እታች።

ጠዋት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስንወጣ መንገዱን ያወቅኩት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከተማው ውስጥ ስንገባ ግን ጉም ወርዶ ጦሳን ሸፍኖታል። ተራራው ከሌለ እኔ ምን ይዤ ነው የምፈልገው? ፒያሳን ዞርን፣ ሙጋድ ሄድን፣ ቧንቧ ውሃ ደረስን። ወፍጮ ቤት ባየን ቁጥር «ቁም!» እላለሁ፣ ልጁ ይቆማል፣ በርበሬው ያስነጥሰናል፣ እንሄዳለን። እኔ የማስታውሰው ወፍጮ በናፍታ የሚሠራ፣ ዱፍ ዱፍ የሚል ነበር፣ እነዚህ ሁሉ የመብራት ናቸው።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ቶሮንቶ ሌሊት ነው፣ ግን አልተኛችም፣ እንደማትተኛ ነግራኛለች።

«ወፍጮ ቤት? የምን ወፍጮ ቤት?» አለች።

«ድምፁን እየሰማሁ ነበር እኮ የምተኛው!»

«እሱ የጋሽ እንትና መኪና ነው፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለ።» ሳቀች። «ይልቅ የገበጣውን ድንጋይ ፈልግ። በራችን ላይ የነበረውን፣ በሚስማር የቆፈርነውን።»

ደሴ መጥተህ ድንጋይ ፈልግ! ዘጋሁባት። ገበጣ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ።

በመጨረሻ አንድ ጉልት ጋ ቆምን። ሽንኩርት የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አውርደውታል። ድልድዩን ጠየቅኳቸው፣ ደረጃውን ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ።

«እሱን ተወውና፣ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። አላወቁትም። አያቴን ጠራሁ፣ አሁንም ምንም። ተስፋ ቆርጬ «ሰዓት ይሠራ ነበር፣ አንድ ዓይኑ ላይ መነጽር…» ስል እጄን ያዙኝ።

«የሰዓት ሠሪው! አንተ፣ የሰዓት ሠሪው ልጅ ነህ? አላህ! እናትህስ?»

የእናቴን ስነግራቸው አለቀሱ። እኔ ደረቴ ላይ ተለጥፈው ሲያለቅሱ የሽንኩርቱ ሽታ ነው ይሁን ምን አላውቅም፣ እኔም አለቀስኩ። የባጃጁ ልጅ ሞተሩን አጠፋው።

ሽንኩርታቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ይዘውን ሄዱ። ሁለት ጊዜ ባለፍንበት መንገድ! «ይኸው ድልድይህ» አሉኝ። የጎርፍ ቦይ ነው፣ ላዩ ላይ ሲሚንቶ ተጋድሞበታል። በአንድ እርምጃ ተሻገርኩት። አባቴ አዝሎ ያሻገረን ወንዝ ይሄ ነው? ደረጃውም አሥር እንኳ አይሞላም፣ እኔ ሰማይ የሚደርስ ነበር የሚመስለኝ።

ቤቱ የለም ማለት ይቻላል። ጭቃው ፈርሶ ብሎኬት ተሠርቶበታል፣ በሩም ወደ ሌላ ዞሯል። ያሉት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ማን ነህ ሳይሉኝ «ግባ፣ ቡና እየተቆላ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፣ ምንም አላወቅኩም። አጥሩ፣ ዛፉ፣ ምኑም የእኔ አይደለም።

ከቧንቧው ሥር ሁለት ዶሮዎች ውሃ ይጠጣሉ። ልብስ የሚያጥቡበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ላዩ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተደርድረዋል፣ ውሃ ሞልቷቸዋል።

ተቀመጥኩና ዶሮዎቹን አባረርኩ። አውራ ጣቴን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ደወልኩላት።

«ስንት ነው?» አለች፣ ገና አፌን ሳልከፍት።

ቆጠርኩ። በአንዱ ረድፍ ስድስት። በሌላው አምስት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ትንሽ የተጫረች ነገር።

«አሥራ አንድ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች።

«ያንተ ረድፍ ነዋ! ሳትጨርስ ነው አጎቴ የመጣው።»