የመክፈያ ቀኑ ያለፈ የ185,100 ብር የዕቃ ሽያጭ ዕዳ እንዲከፈል የቀረበ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ

ቀን፦ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቁጥር፦ 011/18

ለአቶ ዘውዱ
የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር 00418 የተወሰደ ዕቃ ቀሪ ሒሳብ እንዲከፈል ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ አቶ ዘውዱ፣

ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሱቄ ከወሰዱት የቀለምና የጂብሰም ዕቃ ላይ 185,100 ብር (አንድ መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ አንድ መቶ ብር) እስከ ዛሬ አልከፈሉኝም። ክፍያው ማለቅ የነበረበት መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ወር አልፏል። ይህን ገንዘብ እስከ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ እንዲከፍሉኝ በዚህ ደብዳቤ እጠይቃለሁ።

በቃል የተነጋገርነው ብዙ ስለሆነ ሒሳቡን በጽሑፍ ላስቀምጠው። ባለ 20 ሊትር ፕላስቲክ ቀለም 40 ባልዲ፣ አንዱ በ4,200 ብር፣ 168,000 ብር። ዘይት ቀለም 30 ጋሎን፣ አንዱ በ1,500 ብር፣ 45,000 ብር። ጂብሰም 120 ከረጢት፣ አንዱ በ450 ብር፣ 54,000 ብር። ሮለር 20 ፍሬ፣ አንዱ በ350 ብር፣ 7,000 ብር። ድምሩ 274,000 ብር ነው። 15 በመቶ ቫት 41,100 ብር ሲጨመርበት 315,100 ብር ይሆናል። እርስዎ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ነሐሴ 19 ቀን 100,000 ብር ልከውልኛል። ኅዳር 8 ቀን ደግሞ 30,000 ብር አስገብተዋል። ሁለቱም በባንክ ሒሳቤ ላይ ይታያሉ፤ ሁለቱንም ቀንሻለሁ። የቀረው 185,100 ብር ነው። በሒሳቡ ላይ የማይስማሙበት ነገር ካለ የትኛው መስመር እንደሆነ ጠቅሰው ይጻፉልኝ። ደረሰኞቹን ይዤ ቁጭ ብለን እናያለን።

ዋጋውን አስቀድመው ያውቁታል። ፕሮፎርማ ጠይቀው ሰጥቻለሁ። ከሌላ ሱቅም አወዳድረው ነው ተመልሰው የመጡት። ከጠቅላላው ዋጋ 100,000 ብር ቅድሚያ፣ ቀሪው በ30 ቀን ብለን ተስማማን። ይህም በዱቤ ሽያጭ ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፣ ፊርማዎም አለበት።

ዕቃው የደረሰው በአይሱዙ ነው። ሰሚት ያለው ሳይት ሲደርስ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጂብሰሙ እንዳይርስ ሸራ ለብሶ ነው የተጓዘው፤ ጫኝና አውራጆቹም ከረጢቱን በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ አስገቡት። የእርስዎ ስቶር ኪፐር እያንዳንዱን ባልዲ ቆጠረ፣ የክዳኑን ማሸጊያ አየ። ከዚያ በዕቃ ማስረከቢያ ቁጥር 0263 ላይ «ሙሉ በሙሉና በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ኮፒው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

አሁን ላለመክፈልዎ ወደሰጡኝ ምክንያቶች ልምጣ። አንድ በአንድ መመለስ ያለብኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ደውዬ በጠየቅሁ ቁጥር ምክንያቱ ተቀያይሮብኛል።

መጀመሪያ ያሉኝ «የሕንፃው ባለቤት ክፍያ አልለቀቀልኝም» ነው። ይህ እንደሚያስቸግርዎት ይገባኛል። የተቋራጭ ሥራ እንዲህ ያለ ችግር እንዳለው እኔም ከደንበኞቼ በየቀኑ እሰማለሁ። ነገር ግን የሕንፃውን ባለቤት አላውቃቸውም። ዕቃ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፣ የፈረሙልኝም እርስዎ ነዎት። ስንስማማ «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሻለሁ» አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ይህን ያህል ዕቃ በዱቤ አልሰጥም ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ እንደሆነ ይናገራል። የእኛ ውል የሚለው በ30 ቀን ነው።

ሁለተኛው የቀለሙ ጉዳይ ነው። ጥቅምት ላይ «አራት ባልዲ ቀለም ከሌላው ይለያል፣ ፈዟል» አሉኝ። ዕቃው ከተረከበ ብዙ ሳምንት አልፎት የመጣ ቅሬታ ቢሆንም አልተከራከርኩም። በማግሥቱ ሠራተኛዬን ከአራት አዲስ ባልዲ ጋር ላክሁት። ከፎርማንዎ ጋር ሆነው ከደረጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ቀቡት። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲደርቅ ተዉት። ሲደርቅ ልዩነት አልታየም፤ ፎርማኑም ይህንኑ በቃሉ ተናግሯል። ያም ሆኖ አራቱን ባልዲ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ቀይሬልዎታለሁ። የተቀየረበት ወረቀት በእርስዎ ፎርማን ፊርማ እጄ ላይ አለ። ስለዚህ የቀለሙ ነገር ያኔውኑ አልቋል። ለቀሪው ሒሳብ መያዣ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው የቼኩ ነገር ነው። ታኅሣሥ ውስጥ ሱቄ ድረስ መጥተው «ቼክ ልጻፍልሽ፣ ግን እስክደውልልሽ ባንክ እንዳታስገቢ» ብለውኛል። አልተቀበልኩም። ይህን ያደረግሁት እርስዎን ለመናቅ አይደለም። በሒሳቡ ውስጥ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል የሚያስጠይቅ ነገር ነው፤ እርስዎንም እኔንም እዚያ ውስጥ ማስገባት አልፈለግሁም። እኔ የምፈልገው ገንዘቤን ነው። ቼክ የሚሰጡኝ ከሆነ በባንኩ የተረጋገጠ ሲፒኦ ይሁን።

ይህ ገንዘብ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አለብዎት። እኔ አስመጪ አይደለሁም፣ ፋብሪካም የለኝም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሱቅ ነው ያለኝ። ለእርስዎ የሰጠሁትን ቀለም ራሴም ከአከፋፋይ በዱቤ ነው ያነሳሁት። የእኔ ቀን ሲደርስ አከፋፋዩ አልጠበቀኝም። ከዕቁብ የወጣልኝን ብር ለልጆቼ ትምህርት ቤት አስቤው ነበር፤ ለእርስዎ ዕቃ ከፈልኩበት። በደረሰኙ ላይ ያለውን 41,100 ብር ቫትም በወሩ ሒሳቤ ውስጥ አስገብቼ ለገቢዎች አሳውቄያለሁ። ገቢዎች ደንበኛዬ ከፈለ አልከፈለ ብሎ አይጠይቀኝም፤ ደረሰኝ ከቆረጥኩ ቫቱ በእኔ ላይ ነው። እርስዎም ያንኑ ደረሰኝ ለራስዎ ቫት ማቀናነሻ ተጠቅመውበት ከሆነ፣ ያልከፈሉኝን ገንዘብ እንደከፈሉ አድርገው ተጠቅመውበታል ማለት ነው። ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ያኔ ለእርስዎ በ4,200 ብር የሸጥኩትን ባልዲ ዛሬ እኔ ራሴ ከአከፋፋይ የማነሳው ከዚያ በላይ ነው። ገንዘቡ በእርስዎ እጅ በቆየ ቁጥር ሱቄ ውስጥ የሚገባው ዕቃ እየቀነሰ ነው። ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ደንበኛ መጥቶ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሲጠይቀኝ ጎረቤት ሱቅ እልከዋለሁ።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በግልጽ ልጻፍልዎት። ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ሕጉ በቁጥር 1751 እና 1803 ገንዘብ ሳይከፍል በዘገየ ባለዕዳ ላይ በዓመት 9 በመቶ ወለድ አስቀምጧል። በ185,100 ብር ላይ ይህ በዓመት 16,659 ብር፣ በቀን ደግሞ 45 ብር ከ64 ሳንቲም ገደማ ነው። እስከ የካቲት 3 ቀን ሙሉውን ከከፈሉ ምንም ወለድ አልጠይቅም፤ ያለፉትንም አራት ወራት ትቼልዎታለሁ። ካልከፈሉ ግን ወለዱ ከዛሬ ጥር 18 ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

በአንዴ መክፈል የማይችሉ ከሆነም መንገድ አለ። 100,000 ብር እስከ የካቲት 3 ቀን፣ ቀሪውን 85,100 ብር እስከ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. መክፈል ይችላሉ። ይህን ከመረጡ ግን በቃል አይሆንም። ዕዳውን የሚያምኑበትና ቀኖቹ የተጻፉበት አንድ ገጽ ስምምነት ከሁለት ምስክር ጋር እንፈራረማለን። በመካከላችን ሽማግሌ እንዲገባ ቢፈልጉ ሁለታችንም የምናውቃቸው የሰፈር ነጋዴዎች አሉ፤ እኔ ዝግጁ ነኝ። ይህም ቢሆን ከየካቲት 3 ቀን በፊት ይሁን። ቀኑን ለማራዘም የሚመጣ ሽማግሌ አልቀበልም።

ክፍያውን ቅድሚያውን በላኩበት በዚያው የባንክ ሒሳቤ ያስገቡ። የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ የደረሰኙን ቁጥር 00418 ይጻፉ። ዊዝሆልዲንግ ቀንሰው ከሆነ ወይም የሚቀንሱ ከሆነ ሕጋዊውን ደረሰኝ ይላኩልኝ፤ ልክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ቆጥሬ ከዕዳው ላይ አወራርዳለሁ። ያለ ደረሰኝ ግን ምንም አልቀንስም። ገንዘቡ እንደገባ በዚያው ቀን የመክፈያ ማረጋገጫ እሰጥዎታለሁ።

የካቲት 3 ቀን አልፎ ገንዘቡም ስምምነቱም ካልመጣ፣ ያለ ሌላ ማስጠንቀቂያ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ክስ አቀርባለሁ። ወረቀቶቹን ያየልኝ ጠበቃ ዕዳው በጽሑፍ የታመነና ልኩ የታወቀ ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 284 መሠረት በተፋጠነ ሥነ ሥርዓት እንዲታይ መጠየቅ እንደምችል ነግሮኛል። ዋናውን ገንዘብ፣ ወለዱን፣ የዳኝነት ክፍያውንና የጠበቃ ወጪዬን እጠይቃለሁ። እዚያ መድረስ አልፈልግም። ሱቄን ዘግቼ ችሎት ደጃፍ መዋል ለእኔም ኪሳራ ነው። ግን እሄዳለሁ።

ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ዕቃ ወስደው በቀኑ ከፍለውኛል። ያን ስለማስታውስ ነው አራት ወር የታገሥኩት፣ ይህንንም ደብዳቤ ከክስ በፊት የምጽፈው። ስልክ ደውዬ ባያነሱ እንኳ ለሠራተኛዬ «ነገ» ከማለት ይልቅ ቀኑን ቆርጠው በጽሑፍ ቢመልሱልኝ ለሁለታችንም ይቀላል።

ይህ ደብዳቤ በእጅዎ በፊርማ እንዲደርስዎ ተልኳል። ሁለተኛው ቅጂ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ተልኳል።

ከሠላምታ ጋር፣

ወ/ሮ አልማዝ
የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃዎች ቸርቻሪ
ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አዲስ አበባ

አባሪ፦ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ቁጥር 00418 ኮፒ፤ የዕቃ ማስረከቢያ ቁጥር 0263 ኮፒ፤ አራት ባልዲ ቀለም የተቀየረበት ወረቀት ኮፒ፤ የነሐሴ 19 ቀን 2017 እና የኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ክፍያዎች የሚታዩበት የባንክ መግለጫ

ግልባጭ፦ ለጠበቃዬ