ቋሚ የቀን ፈረቃ እንዲመደብልኝ ስለመጠየቅ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ስማቸው፣ የምርት ክፍል ኃላፊ

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ደህና?

ጉዳዬን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ከታኅሣሥ የፈረቃ ፕሮግራም ጀምሮ ቋሚ የቀን ፈረቃ፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው፣ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። ምክንያቱ ሕመም ነው። የሐኪሙን ደብዳቤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ግን የሐኪም ደብዳቤ አጭር ስለሆነና ስለ እኛ ሥራ ስለማያውቅ፣ ቀሪውን እኔው በራሴ ቃል ብጽፍልዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። ተኝቼ ሳለ ትንፋሼ ይቋረጣል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ እኔ ላይ ግን ከልክ በላይ እየላላ የአየር መንገዱን ይዘጋዋል፣ ልክ ቀጭን የውሃ ጎማ በአፍ አየሩን ሲስቡት ግድግዳው እንደሚጣበቀው። ደረቴ ለመተንፈስ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲወርድ አንጎል ደንግጦ ይቀሰቅሰኛል፣ አንዴ በኃይል ተንፍሼ መልሼ እተኛለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ አላውቀውም። ጠዋት የማውቀው ራሴን እያመመኝ፣ አፌ ደርቆ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ስሸከም ያደርኩ ያህል ደክሞኝ መነሳቴን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋለችው ባለቤቴ ናት። ማንኮራፋቴን ለምዳዋለች፤ ያስፈራት ማንኮራፋቱ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። «ትንፋሽህ ይጠፋል፣ እየነቀነቅኩ ነው የማድረው» ስትለኝ ነው እዚሁ ከተማችን ውስጥ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። እሱ ደግሞ ለእንቅልፍ ምርመራ አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ ሌሊቱን ጣቴ፣ ደረቴና አፍንጫዬ ላይ መሣሪያ ታስሮ ተኛሁ። ውጤቱ በሰዓት 34 ጊዜ ትንፋሼ እንደሚቋረጥ ወይም ክፉኛ እንደሚቀንስ አሳየ። በሰዓት ከ5 በታች ጤነኛ ነው፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ለመቆጠር ደግሞ እያንዳንዱ ቢያንስ 10 ሰከንድ መቆየት አለበት። ሐኪሙ ወረቀቱን እያሳየ ሲያስረዳኝ፣ ስንት ዓመት በዚህ ዓይነት እንቅልፍ ሥራ ላይ እንደቆየሁ አስቤ እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

ወፍራም ስላልሆንኩ ሰው አያምነኝም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ውፍረት ያለባቸውን ይይዛል፣ ግን የመንጋጋና የጉሮሮ አፈጣጠርም ያመጣዋል፤ የኔም እንደዚያ ነው ተብያለሁ።

ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው። ትንሽ ሳጥን ናት፣ በቱቦና በማስክ በኩል አየር እየገፋች ጉሮሮዬ እንዳይዘጋ ታደርጋለች። ዋጋዋ የሚቀመስ አይደለም፣ ውጭ ያለችው እህቴ ናት ገዝታ የላከችልኝ። ማሽኗ ትሠራለች ጋሼ። ማስኩን አድርጌ ሙሉ ሌሊት በተኛሁ ማግሥት ሌላ ሰው ነኝ፣ ራስ ምታቱ የለም፣ ዓይኔ ብሩህ ነው፣ ከልጆቼ ጋር እጫወታለሁ። ችግሩ ማሽኗ የምትሠራው እኔ ስተኛ ብቻ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ ደግሞ እንቅልፌን ይነጥቀኛል።

በሌሊት ፈረቃ ሳምንት ቤት የምደርሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት አልፎ ነው። የምኖረው ተከራይ የሞላበት ግቢ ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ክፍሉ ይግላል። የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት እርስዎም ያውቁታል። ማስክ ፊት ላይ ታስሮ ሲያልብ ይንሸራተታል፣ አየሩ ያመልጣል፣ እነቃለሁ። በዚያ ላይ የባጃጁ ጡሩምባ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ሲብስም እኛ ሰፈር ቀን ቀን መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ማሽኗ ትቆማለች፣ ማሽኗ ስትቆም ትንፋሼም ወደ ድሮው ይመለሳል። ሙቀቱና ጫጫታው ባይኖሩ እንኳ ሰውነት ራሱ በብርሃን አልተኛም ይላል፤ ሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት በፀሐይ ነው የሚሞላው፣ በየሳምንቱ ፈረቃ ሲገለባበጥ ደግሞ የትኛውንም ሳይለምድ ይቀራል።

ይሄን በግምት አይደለም የምልዎ። ማሽኗ ስንት ሰዓት እንደተጠቀምኩ፣ አየር ምን ያህል እንዳመለጠ፣ ትንፋሼ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ካርድ ላይ ትመዘግባለች። ሐኪሙ ካርዱን ከፍቶ ሲያየው በቀን ፈረቃ ሳምንታት ከ6 ሰዓት በላይ እጠቀማለሁ፣ ትንፋሼም ከሞላ ጎደል ጤነኛ ሰው ይመስላል። በሌሊት ፈረቃ ሳምንታት ከ4 ሰዓት በታች እወርዳለሁ። ከ4 ሰዓት በታች ሲሆን ማሽኗን በቅጡ እንደተጠቀምኩ አይቆጥሩትም። የደም ግፊቴም በነዚያ ሳምንታት ከፍ ይላል፤ ይህ ሕመም ሳይታከም ሲቆይ ግፊት ያመጣል፣ ልብንም ይጎዳል። ለዚህ ነው ሐኪሙ በደብዳቤው «ቋሚ የቀን ሥራ» ብሎ የጻፈው።

አሁን ስለ ፎርክሊፍቱ። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ማንም ሰው እንቅልፍ የሚጥለው ሰዓት ነው፣ ጤነኛውም ጭምር። እኔ ደግሞ ቀኑን በቅጡ ሳልተኛ ነው ያንን ሰዓት የምገናኘው። እንቅልፉ ሲመጣ አይለማመጥም፣ ዓይኔ ክፍት ሆኖ ሁለት ሦስት ሰከንድ የሌለሁ ይመስለኛል። ስለዚህ ራሴን ስጠራጠር ሹካውን መሬት አውርጄ፣ ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ዞር ዞር ብዬ እመለሳለሁ። እስካሁን አንድም ሰው አልጎዳሁም፣ አንድም ፓሌት አልጣልኩም፣ መዝገቡን ማየት ይችላሉ። ግን ውሃ የተጫነበት ፓሌት ስንት ኪሎ እንደሆነ እናውቃለን፣ ሌሊት መጋዘኑ ውስጥ በእግር የሚመላለሱት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። አንድ ነገር እስኪደርስ መጠበቅ አልፈልግም። ለዚህ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለራሴ እንቅልፍ ብቻ ብዬ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ወርጄ ስቆም ሲያዩ «ሰነፈ» ይላሉ። ይሄ ያመኛል። እኔ ማኅሌት ቆሜ ማደር ከልጅነቴ የለመድኩ ሰው ነኝ፣ ሌሊት መንቃት ከብዶኝ አያውቅም፤ የከበደኝ ቀን ተኝቼ መዳን ነው።

ምን ዓይነት ማስተካከያ እንደሚቻልም አስቤበታለሁ። ጎንደርና ዳንግላ የሚሄዱት መኪኖች የሚጫኑት ጠዋት ነው፣ ፎርክሊፍት የሚያጥረንም ያኔ ነው። ሌሊት ያለው ሥራ ከመስመር የወጣውን ፓሌት መጋዘን ማስገባት ብቻ ስለሆነ አንድ ሹፌር ይበቃዋል። ከኛ ፎርክሊፍት ሹፌሮች መካከል ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው አንዱ፣ ቀኑን ለሱቁ ስለሚፈልገው ቋሚ ሌሊት ቢሰጠው ደስ እንደሚለው ነግሮኛል፤ እርስዎ ቢጠይቁት ይሻላል፣ እኔ ቃል አላስገባሁትም። የሌሊት አበሉ ይቀርብኛል፣ አውቄዋለሁ፣ ለቤቴ ቀላል ገንዘብ አይደለም ግን ተስማምቻለሁ። እሑድም ሆነ በዓል በቀን ከሆነ ልመደብ፣ አልከፋም። ሰው ጎድሎ ከተቸገራችሁ ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4 ያለውን ፈረቃ አንድ ሁለት ቀን ልሸፍን እችላለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ ገብቼም ሌሊት እተኛለሁ። የማልችለው ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለውን ነው።

በቀላሉ መወሰን ከከበደ ለ3 ወር ይሞከር። በ3 ወሩ መጨረሻ የማሽኗን መዝገብና የግፊቴን ልኬት ከሐኪም አስፈርሜ አመጣለሁ፣ የሥራዬንም መዝገብ እናንተ ታያላችሁ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ስለ ሕግም ትንሽ ልበል፣ ለማስፈራራት ግን አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። የታመመ ሠራተኛ የቀን ፈረቃ ይሰጠው የሚል አንቀጽ አይቻለሁ አልልም። ግን ከባድ ማሽን የሚነዳ ሰው ሕመሙን በማስረጃ ካሳወቀ በኋላ ሌሊት እንዲነዳ መመደብ ከዚያ ግዴታ ጋር የሚሄድ አይመስለኝም። እርስዎም እንደዚያ እንደሚያስቡ አምናለሁ፣ ባለፈው ልጄ ታማ ሳለች ያደረጉልኝን አልረሳሁም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የሕመሜ ስም በፈረቃ ሰሌዳው ላይ እንዳይጻፍ፣ በስብሰባም እንዳይነሳ እለምናለሁ። የፈረቃ መሪውና የሰው ኃይል ክፍሉ ቢያውቁ ይበቃል። ልጆቹ ከጠየቁ «በሐኪም ትእዛዝ ነው» ከተባለ በቂ ነው።

በዚህ ሳምንት የጠዋት ፈረቃ ላይ ስለሆንኩ ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቢሮዎ እመጣለሁ። የማሽኗን መዝገብ ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ፣ አብረን እናየዋለን። ሐሙስ የማይመችዎ ከሆነ ደውለው ወይም በቴሌግራም ጽፈው ሌላ ቀን ይንገሩኝ። የታኅሣሥ ሰሌዳ ከመለጠፉ በፊት ቢሆን ግን ደስ ይለኛል፣ አሁን በወጣው ረቂቅ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሌሊት ተመድቤያለሁና።

ከአክብሮት ጋር
ምናለ
ፎርክሊፍት ሹፌር፣ የተጠናቀቀ ምርት መጋዘን

አባሪ፦ የሐኪም ደብዳቤ እና የእንቅልፍ ምርመራ ውጤት ቅጂ
ግልባጭ፦ ለሰው ኃይል ክፍል