ደጃፍ ላይ የሚባለው፦ ለደሴ የቤት ለቤት ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች

ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተለማመዱ፤ አንዱ የቤቱን ባለቤት ይሁን። ቃል በቃል መሸምደድ የለባችሁም። ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን ይህ ቤት እንደተመረጠና ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችል ግን ሳይነገር አይታለፍም።

በሩ ክፍት ቢሆንም አትግቡ። ውጭ ቆማችሁ ተጣሩ።

«ቤቶች!»

«ደጆች! ማን ልበል?»

«እንደምን ዋላችሁ? እንግዳ ነኝ።»

ሰው ብቅ እስኪል ታገሱ። ታብሌቱ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፣ ባጁ ደረት ላይ ይታይ። ደሴ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ ነው የሚኖረው፤ የቤቱን ሃይማኖት ገምታችሁ ሰላምታ አትምረጡ። እነሱ በራሳቸው ሰላምታ ከጀመሩ በአክብሮት መልሱ። በዕድሜ የገፉትን «እማማ»፣ «አባባ» በሉ። አዋቂ ሁሉ «እርስዎ» ነው፤ ወጣት ቢመስልም።

«ሰሚራ እባላለሁ። ስለ ቤተሰብ የውሃ አጠቃቀም ጥናት የምንሠራ መረጃ ሰብሳቢዎች ነን። ይኸው መታወቂያዬ። የሱፐርቫይዘራችን ስልክ ጀርባው ላይ አለ፤ ከፈለጉ አሁኑኑ ደውለው ያጣሩ።»

መታወቂያውን በእጃቸው ስጡ። አንብበው እስኪመልሱ ዝም በሉ።

«ቤትዎ የተመረጠው በዕጣ ነው። የሰፈሩን ቤቶች በሙሉ መዝግበን ዕጣ ስናወጣ የእርስዎ ወጣ። ውሃ ከየት እንደምትቀዱ፣ በምን እንደምታጠራቅሙና ወጪው ምን ያህል እንደሆነ እጠይቅዎታለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ» የምትል ሰብሳቢ ሰውየውን ዋሽታለች። ድስት ጥዳ የመጣች እናት በዚያ አምስት ደቂቃ ላይ ነው የምትቆጥረው፤ ሩቡ ሳይሞላ ትነሳለች፤ ትክክልም ናት።

«የሚነግሩኝ ሚስጥር ነው። ስምዎ ከመልስዎ ጋር አይወጣም። መመለስ የማይፈልጉት ጥያቄ ካለ ይለፉት፤ ማቆም ሲፈልጉም ‹በቃኝ› ይበሉኝ። እምቢ ቢሉም የሚቀርብዎት ነገር የለም። ፈቃድዎ ነው?»

እዚህ ላይ ቁሙ። መልሱን አትገምቱላቸው። ራስ መነቅነቅ አይበቃም፤ «እሺ» ሲሉ ብቻ ታብሌቱ ይወጣል።

በብዛት የሚመጣው ጥያቄ የእርዳታ ነው። ደሴ የ2014ቱን ጦርነት ያየ ከተማ ነው፤ ተፈናቃይም አስተናግዷል። ደብተር ይዞ የመጣን ሰው መዝጋቢ ነው ብሎ ማሰብ የሚጠበቅ ነው።

«ልጄ፣ ዱቄት ነው ዘይት የምትመዘግቡት?»

«አይደለም፣ እማማ። እርዳታ አንመዘግብም። ስለመለሱልኝ የሚያገኙት፣ ስላልመለሱም የሚቀርብዎት እርዳታ የለም። ይህን ሳያውቁ እንዲመልሱልኝ አልፈልግም።»

ፊታቸው ቢጠቁርም ይህን ተናገሩት። ተስፋ ሰጥቶ መልስ መውሰድ ከድሃ ሰው መስረቅ ነው። ለግብር መስሏቸው የሚሰጉም አሉ፤ «ለግብር አይደለም፤ የእርስዎን መልስ ለቀበሌም ለገቢዎችም አንሰጥም» በሏቸው።

የግቢውን ነገር ልብ በሉ። ሸዋ በርም ሆነ ሆጤ፣ በአንድ በር የሚገቡ ብዙ ተከራዮች ታገኛላችሁ። እኛ ቤተሰብ የምንለው አብሮ የሚኖረውንና ከአንድ ማዕድ የሚበላውን ነው። ዕጣው የተከራይዋ ሆኖ አከራይዋ በሩን ከከፈቱ፦

«እትዬ፣ ግቢዎን ስለከፈቱልኝ አመሰግናለሁ። ዕጣው የወጣው ከጓሮ ላለችው ቤተሰብ ነው። እንዳነጋግራት ይፈቅዱልኛል?»

አከራይዋ «ስለሷ እኔ ልንገርሽ» ቢሉ በትህትና እምቢ በሉ። የቤት ኪራይና ወጪ በራሷ በተከራይዋ አፍ ነው የሚነገረው።

ቡና ከተፈላ ደግሞ ወሎ ነው፤ «ግቡ፣ ጠጡ» መባሉ አይቀርም። ቁጭ በሉ፣ አቦሉን ቅመሱ፣ መርቁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ ግን አንድም ጥያቄ አትጠይቁ። ሰው በጎረቤቱ ፊት ድህነቱን ይደብቃል ወይም ያጋንናል። «ለብቻችን የምንሆንበት ቦታ ይኖራል? ካልሆነም ሌላ ሰዓት ልምጣ» በሉ።

በሩን ሕፃን ከከፈተ «እማዬ ወይም አባዬ አሉ?» ብቻ ጠይቁት። ከሌሉ መቼ እንደሚገቡ እንኳ አትመርምሩት፤ ሌላ ሰዓት ተመለሱ። አርብ በጁምዓ ሰዓት፣ እሁድ ጠዋት በቅዳሴ ሰዓት አትሂዱ። ሰኞ ገበያ ነው፤ ወደ ማታ ይሻላል።

ሰው ባጣችሁበት ቤት ፈንታ የጎረቤቱን አትሙሉ፤ ዕጣው ይበላሻል። ቀጠሮ ያዙ፣ ለሱፐርቫይዘር ንገሩ።

እምቢ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ምክንያቱን አትጠይቁ፣ ሁለተኛም አትለምኑ።

«ምንም አይደል፣ አባባ። ጊዜዎን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ደህና ይዋሉ።»

«እምቢ ብለዋል» የሚለውን ከደጁ ራቅ ብላችሁ መዝግቡ። እያዩ መጻፍ ስማቸው የተያዘ ያስመስላል።