በላጲስ ስላጠፋሽው ሥዕል

ደብረ ብርሃን፣ ረቡዕ ማታ

ውድ ቤተልሔም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ቱቶሪያል ላይ አጣሁሽ። የግፊት ቴስቱ ወረቀት የተመለሰው ሰኞ ስለሆነ ምክንያቱን መገመት አልከበደኝም። ከ20 6 ማምጣት ያማል፤ አያምም ብዬ አላታልልሽም። ግን ወረቀትሽን ካረምኩት በኋላ እንደገና ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ እዚያ ላይ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ አስታውሺው። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ ቀጥ ብሎ የቆመ በር። የላይኛው ጠርዙ ከውሃው ገጽ 1 ሜትር ዝቅ ብሏል። ውሃው በሩን በምን ያህል ኃይል ይገፋዋል? አንቺ 3 ሜትር ጥልቀት አስገብተሽ 88.29 ኪሎኒውተን አወጣሽ። 3 ሜትር ግን የታችኛው ጠርዝ ጥልቀት ነው። በሩ በሙሉ እዚያ ጥልቀት ላይ ተጋድሞ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርሽ።

ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ጠጋ ሳደርገው ግን ከስሌቱ ጎን በላጲስ የጠፋ የእርሳስ ሥዕል ታየኝ። በሩ አለ። ከላይ አጫጭር ሆነው ወደ ታች እየረዘሙ የሚሄዱ ቀስቶች አሉ። ቤቲ፣ መልሱ እኮ እሱ ነበር! ግፊቱ ከጥልቀት ጋር እኩል እየጨመረ ስለሚሄድ የቀስቶቹ አማካይ በሩ መሃል ላይ ይገኛል፤ 2 ሜትር ጥልቀት ላይ ማለት ነው።

F = ρghA = 1000 × 9.81 × 2 × 3 = 58,860 N

58.86 ኪሎኒውተን። ያንን ሥዕል ባታጠፊው ኖሮ ኃይሉ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደሚያርፍም ታይው ነበር። ረጃጅሞቹ ቀስቶች ያሉት ታች ነዋ! ስሌቱም 2.17 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ይላል። የገባሽን ነገር አጥፍተሽ፣ በቃል የያዝሽውን ፎርሙላ ጻፍሽበት። ሰዓት እያለቀ፣ ጎረቤትሽ ገጽ ሲገልጥ እየሰማሽ እንደሆነ ይገባኛል።

አንደኛው ጥያቄም እንዲሁ ነው። ታንኩ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎፓስካል ተብሎ ተሰጥቷል፤ መለኪያው 50 ያነባል። ጠቅላላ ግፊቱ 122 መሆን ሲገባው 151.3 ጻፍሽ። 101.3 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው።

ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የመጀመሪያው ሳምንት የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። እዚህ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ የዘጋሽው ባዶ ሃይላንድ፣ ጣርማ በርን አልፈሽ ደብረ ሲናን ወርደሽ ሸዋ ሮቢት ስትደርሺ ለምን ተጨማዶ እንደጠበቀሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ውስጡ ያለው የደብረ ብርሃን አየር ነው። ውጪው የሸዋ ሮቢት፣ በ15 ኪሎፓስካል ገደማ የሚበልጥ። በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ 12 ኪሎ ያህል ሸክም እንደመጫን ነው፤ ሃይላንዱ ምን ያድርግ! ያን ቀን ሌላ ማንም እንዲህ ያለ ጥያቄ አላነሳም። ሰኞ ወረቀትሽ ላይ የፈለግኩት ያቺን ልጅ ነው። ላጲሱ ሥር አገኘኋት።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከ100 ውስጥ የሄደብሽ 14 ነው። ሚድ 30፣ ፋይናል 50 ገና አልተነኩም። ድሮፕ ላድርገው የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ከሆነ፣ እባክሽ መጀመሪያ እኔን አናግሪኝ።

ሚዱ ላይ ተንሳፋፊነትና በርኑሊ ይገባሉ። በርኑሊ ብዙ ተማሪ የሚያደናቅፈው ቀመሩ ከብዶ አይደለም፤ ሁለቱን ነጥቦች የት የት ላይ እንደሚያደርግ ሳይወስን ቁጥር ማስገባት ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ እስከዚያ አንድ ነገር ብቻ ልምጂልኝ። ማንኛውም ጥያቄ ሲሰጥሽ መጀመሪያ ሣዪ። የውሃውን ገጽ፣ ጥልቀቱን፣ ቀስቶቹን፣ ነጥቦቹን ሁሉ። አሃዶቹን ከጎን ጻፊ። ፎርሙላው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሥዕል ላይ ማርክ እሰጣለሁ፤ ብታጠፊው ግን ልሰጥሽ አልችልም።

ነገ ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ቢሮ ነኝ። የቴስት ወረቀትሽን ይዘሽ ነዪ። ሦስተኛውን ጥያቄ ከባዶ ገጽ እንደገና ትሠሪዋለሽ፤ እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ማንም አይጠይቅሽም፣ ከእኔ ሌላ ማንም አያይሽም። ነገ ካልተመቸሽ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓትም አለሁ።

እርሳስ ያዢ። ላጲሱን ዶርም ተይው።

የቱቶሪያል መምህርሽ፣
ሰለሞን